ዝቅ ብላ የተሰፋችው እሑድ

ልጄ ሐረግ አምስት ዓመቷ ነበር። ሁለቱም ዓይኖቿ ላይ እንደ አጓት ያለ ነጭ ነገር ወጥቶባት ነበር። ብርሃንና ጨለማን ትለያለች፤ ሰው ከፊቷ ሲቆም ጥላውን ታያለች። ከዚያ ያለፈውን ግን በእጇ ነበር የምታየው። ፊቴን በጣቶቿ እየዳበሰች «ዛሬ ተቆጥተሻል» ትለኛለች። ተቆጥቼ አልነበረም፤ ተጨንቄ ነው። ቁጣና ጭንቀት በጣት ሲዳሰሱ አንድ ናቸው መሰለኝ።

ዘመኑ ስድሳ ዓመትን ያለፉት ሽማግሌዎች ሳይቀሩ «እንዲህ ያለ አይተን አናውቅም» ያሉበት የሰባ ሰባቱ ድርቅ ነው። አባቷ ከሞተ በኋላ እሷን አዝዬ ከገጠር ወደ መካነ ሰላም ገባሁ። በከተማው ዳር አንድ የቆርቆሮ መጋዘን ነበር። ጠዋት ጠዋት የእርዳታ ጣቢያ ነው፤ ሕፃናት ይመዘናሉ፣ ወተት ይጠጣሉ። ከሰዓት በኋላ ሚዛኑ ወደ ጥግ ይገፋና የመሠረተ ትምህርት ክፍል ይሆናል። ለልጄ ወተት ብዬ ገብቼ ለራሴ ፊደል ይዤ የወጣሁት ከዚያ ነው።

የጠዋቱ መዝጋቢም የከሰዓቱ አስተማሪም አንድ ሰው ነበር፤ አሻግሬ ይባላል። የደሴ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ ሸራ ጫማ የሚያደርግ፣ ሲደክመው ጆሮውን የሚያሽ። በትምህርቱ ሰዓት ከጎኔ የምትቀመጠው ዘይነባ ናት። ዘይነባ ከእኔ ትንሽ ትበልጣለች፤ የከተማው ሰው ናት፤ ከመጣሁ ጀምሮ ማደሪያ የሰጠችኝም እሷ ናት። ለአፍታ እንኳ ዝም ብላ መቀመጥ አትችልም።

በመጋዘኑ ግድግዳ ላይ ሁለት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሎ ነበር። አንዱ የኛው ነው፤ ከመስከረም ጀምሮ እዚያው ነበር። ሁለተኛው የፈረንጆቹ ነው፤ ከገና አንድ ወር ቀደም ብሎ ከእህል መኪና ጋር መጣ። ላዩ ላይ በረዶ የለበሰ ተራራ ተስሎበታል። ዘይነባ መጀመሪያ ቀን አፍጥጣ አየችውና፣

«ያረቢ! ይሄ ሁሉ ዱቄት ተራራ ላይ ተደፍቶ ለኛ እዚህ በስኒ ይሰፈርልናል?» አለች።

አሻግሬ በረዶ መሆኑን አስረዳት። «እንግዲያ ምን አስለፋቸው፣ ሥዕሉን ከሚልኩ ዱቄቱን ይላኩ» ብላ ተቀመጠች።

ሁለቱ መቁጠሪያዎች ብዙ ጣጣ አመጡ። እህል የጫነው መኪና የሚመጣው በፈረንጆቹ ቀን ነው፤ ሰዉ የእርዳታ ካርዱን ይዞ የሚወጣው በኛ ቀን ነው። «አሥራ አምስት ላይ ኑ» ሲባል ግማሹ ዛሬ ይመጣል፣ ግማሹ ሳምንት አልፎ። ከሩቅ ቀበሌ ልጅ አዝለው መጥተው ባዶ መጋዘን ያገኙ እናቶች ነበሩ። ኋላ ኋላ ቀን የተነገረው ሰው ሁሉ «በማን?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ገበያ ላይ እንኳ «ነገ እከፍልሃለሁ» ሲባል «በማን ነገ?» የሚሉ ቀልደኞች ተነሡ።

ስለዚህ አሻግሬ ሁለቱን የሚያጋባ አንድ ትልቅ የቀን መቁጠሪያ እንሥራ አለ። «ትምህርትም ይሆናችኋል፤ ቁጥሩን በዚያው ትለማመዳላችሁ።»

ወረቀት አልነበረም። የወተት ዱቄት የሚመጣበት ካርቶን ግን በሽ ነው። ካርቶኑን በቁመቱ እንደ መቀነት ረዣዥም አድርገን ቆረጥነው። አንዱ ቁራጭ አንድ የሳምንት ቀን ነው። ከላይ ስሙ ይጻፋል፤ ከሥሩ በየሳጥኑ ቀኖቹ ከገና ሳምንት ጀምረው እስከ ጳጉሜን ይወርዳሉ። ሰባት ቁራጭ ለኛ፣ ሰባት ቁራጭ ለነሱ። በምን እንለጥፈው ሲባል አንዷ «በዱቄት ሙጫ» ብላ አፏን ያዘች፤ በዚያ ዓመት ዱቄት ግድግዳ ላይ አይለጠፍም። በጆንያ ክርና በወስፌ ሰፋነው። የኛን ሰባት በግራ፣ የነሱን ሰባት በቀኝ ጎን ለጎን አድርገን ስንሰቅለው ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ ያዘው። ወደ ጎን ሲነበብ አንድ መሥመር አንድ ሳምንት ነው። በግራ ገናችን ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ፣ ሰኞ፤ በዚያው መሥመር በቀኝ ጃንዋሪ ሰባት፣ ሰኞ። ደስ ይል ነበር።

ጥቁሩን ቁጥር አሻግሬ ከሁለቱ መቁጠሪያዎች እያየ ጻፈ። በዓላቱን በቀይ የምንጽፈው እኛ ተማሪዎቹ ነበርን። ቀይ ቀለም ስላልነበረ ከከተማው ክሊኒክ የቁስል ቀይ መድኃኒት በጠርሙስ ክዳን ቀዳን። ጥምቀትን እኔ ጻፍኩ፤ አሥራ አንዱ አሥራ ሰባት መስሎ ነበር፤ አስተካከልኩት። ፋሲካ በኛ ሚያዝያ ስድስት ዋለ፤ የፈረንጆቹ ሳምንት ይቀድማል። የቀበሌው ሊቀመንበር ሰው ሚያዝያ ሃያ ሦስትን የሠራተኞች ቀን ብሎ ሲያስቀላ፣ በቀኝም ሜይ አንድ ቀይ ሆነ፤ በሁለቱም በኩል አንድ ላይ የቀላ እሱ ብቻ ነበር።

ወደ ዒድ ስንደርስ አሻግሬ ቀዩን ትቶ እርሳስ አነሣ።

«ምነው?» አለች ዘይነባ። «የናንተ በደም፣ የኛ በእርሳስ? እንዲጠፋ ነው?»

«አይደለም እትዬ ዘይነባ። የናንተ ጨረቃ ሳትታይ አይታወቅም። ሰኔ አሥራ ሦስት ሊሆን ይችላል፣ በአንድ ቀን ሊለይም ይችላል። ሲታወቅ በቀዩ ይደምቃል።»

«ልክ ነህ፤ ጨረቃን አናዝዛትም» አለች። ቀጥላ ወደ እኔ ዞረች። «እኔ ግን ዓይኔ ደክሟል፤ ማን ያይልኛል እንጃ።»

ሐረግ ጭኔ ላይ ነበረች። ያን ጊዜ ማንም ወደ እሷ አላየም።

በጥር መጀመሪያ የእርዳታ ጣቢያው ፈረንጅ ነርስ ኩታበር ወዳለው ሌላ ጣቢያ ልትሄድ ስትነሣ ሐረግን ወደ ብርሃን አዙራ ዓይኗን ገልጣ አየችው። ከዚያ ከአሻግሬ ጋር ረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። አሻግሬ ዞሮ ሲያወራኝ ድምፁ እንደ ተማሪ ፈጥኖ ነበር።

«እትዬ ይርገዱ፣ ይሄ የዓይን ሞራ ነው። ይገፈፋል። የዓይን ሐኪም ከውጭ ወደ ደሴ ይመጣል፤ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ብቻ ነው የሚቆየው። ሰኞው ጥር ሃያ ሰባት ላይ ይውላል። ቅዳሜ ሥራውን ጨርሶ ይሄዳል። እሑድ ሃያ ስድስት መኪና ይወስዳችኋል።»

«ካለፈንስ?»

«ሌላ ሐኪም መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም።»

ያን ዕለት ምንም አልበላሁም። ደስታም እንደ ጭንቀት ሆድ ይዘጋል።

መኪናው የጣቢያዎቹ መኪና ነው፤ ያን ሰሞን የሚያድረው አቀስታ ነበር። ሾፌሩ ምናለ መንገዱን የሚመዘግበው በፈረንጅ ቀን ስለሆነ አሻግሬ የመኪና መጠየቂያውን በነሱው አቆጣጠር ጽፎ ላከለት። እኔ ደግሞ በየቀኑ ከትምህርት በኋላ ግድግዳው ሥር ሄጄ ሃያ ስድስትን በጣቴ ነካ አደርግ ነበር፤ እዚያው መሆኗን ለማረጋገጥ ያህል።

«አትበርም እኮ» ትለኛለች ዘይነባ። «ይርጌ፣ አንቺ ጭንቀት ባይኖር ከጭቃ ትሠሪው ነበር።»

አንድ ሰኞ፣ ጥር ሃያ፣ አሻግሬ ጆንያ እያስቆጠረ ሳለ ዘይነባ እኔን ለማሳቅ ጨዋታ አመጣች። «ነይ አብረን እንሂድ ደሴ። አንቺ በናንተ መንገድ፣ እኔ በፈረንጆቹ መንገድ። ጣትሽን ዛሬ ላይ አድርጊ።»

እኔ በግራ ጥር ሃያ ላይ ጣቴን አደረግኩ፤ እሷ በቀኝ ጃንዋሪ ሃያ ስምንት ላይ። ሐረግ እግራችን ሥር ተቀምጣ ቀኖቹን ትጠራልን ጀመር፤ እነሱን በቃሏ ታውቃቸዋለች።

«ሰኞ!» አለች። ሁለታችንም ሰኞ ላይ ነን።

«ማክሰኞ!» ሁለታችንም አንድ ሳጥን ወደ ቀኝ ሄድን። የኔ ማርያም ናት፤ ቀይ።

«ረቡዕ! ሐሙስ! ዓርብ! ቅዳሜ!»

ቅዳሜ ላይ የኔ ጣት የመሥመሩ መጨረሻ ደረሰ።

«እሑድ!»

እኔ ወደ ታች ወርጄ ወደ መሥመሩ መጀመሪያ ሄድኩ፤ ሃያ ስድስት። ዘይነባ ግን እዚያው መሥመር ላይ አንድ ሳጥን ቀጠለች። የሷ ቅዳሜ መጨረሻ አልነበረም፤ ከጎኑ እሑድ ነበረው። ፌብሩዋሪ ሦስት።

«ወዴት ወረድሽ?» አለች።

«አንቺ ነሽ የቀረሽ። እሑድ አዲስ ሳምንት አይደል?»

«የኔ እሑድ እዚሁ ናት፤ ተመልከቺ፣ ተጽፏል። እ፣ ሑ፣ ድ።»

«ሴቶች፣ ተጣላችሁ?» አለች ሐረግ።

እንደገና ከሰኞ ጀመርን። እንደገና እሑድ ላይ ተለያየን። እኔ አንድ መሥመር ዝቅ ብዬ፣ እሷ ከላይ ቀርታ። ጀማሪ አንባቢ ስህተት ሲያይ ጥፋቱን ከራሱ ነው የሚያደርገው፤ አንዳችን መሥመር ስተን ነው ብለን ተሳሳቅን። ዘይነባ «መምህር! ና አስታርቀን፤ እሑድ ላይ ጠፋፋን!» ብላ ጠራችው።

አሻግሬ ፈገግ እያለ መጣ። ጣታችንን ካየ በኋላ ግን ፈገግታው ቆመ። የራሱን ጣት በኔ ሃያ ስድስት ላይ አደረገና በዚያው መሥመር ወደ ቀኝ ጎትቶ እሑድ የሚለው ቁራጭ ላይ እስኪደርስ ሄደ። እዚያ ያለው ሦስት አይደለም። አሥር ነው።

በወተት ሣጥን ላይ ቁጭ አለ። ጆሮውን አሸ።

«የኛ መቁጠሪያ ሳምንቱን በእሑድ ይጀምራል» አለ። «ሰኞ ማለት ራሱ ሁለተኛ ማለት ነው። የነሱ ደግሞ በሰኞ ጀምሮ በእሑድ ይጨርሳል። እኔ ሁለቱንም እንዳሉ ገለበጥኳቸው። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ልክ ናቸው፤ እሑድ ብቻ ሳምንት ታልፋለች።»

«እና?» አልኩት።

«እትዬ ይርገዱ፣ የመኪናውን ቀን ያነበብኩት ከዚህ ነው። በኛ እሑድ ሃያ ስድስትን አይቼ፣ በመሥመሩ እሑድን ፈልጌ ለምናለ አሥር ብዬ ላክሁለት። መኪናው የሚመጣው ሐኪሙ ከሄደ በኋላ ነው።»

ሐረግ እጇን ዘርግታ ፊቴን ፈለገች። እንዳትነካኝ ዞር አልኩ፤ ያን ጊዜ ፊቴ ላይ የነበረውን በጣቷ እንድታነብብ አልፈለግኩም።

አሻግሬ ብድግ አለ። «አቀስታ በእግሬ እሄዳለሁ።»

«በዚያ ሸራ ጫማ?» አለች ዘይነባ። «ሳትደርስ ጫማው ቀድሞህ ይሞታል። ቁጭ በልና ጻፍ። የአጎቴ ልጅ አራጌ ነገ ባዶ መኪና ይዞ ጨው ሊጭን በዚያ በኩል ይወርዳል። ነገ ለናንተ ማርያም ናት፣ ለሱ ግን ማክሰኞ ናት።»

አሻግሬ ወረቀት አወጣ። ፌብሩዋሪ ሦስት ብሎ ጻፈ። እኔ ከጎኑ ቆሜ፣

«የኛንም ጻፍበት» አልኩት። «ጥር ሃያ ስድስት በል። እሑድም በል።»

«ሦስቱንም?»

«ሦስት ምስክር ይኑረው።»

ጻፈው። አመሻሹ ላይ ጀንበር ሳትጠልቅ ዘይነባና እኔ አራጌ ቤት ሄድን። አራጌ ወረቀቱን አገላብጦ አይቶ፣ «ለአንዲት ቀን ሦስት ስም? ክርስትና ነው ወይስ ንብረት ማስመዝገብ?» አለና ቆቡ ውስጥ ሸጎጠው። ከቆቡ ውስጥ ሌሎች ሁለት ወረቀቶች ሲወድቁ አየሁ። ይህ ሰው መልእክት ያደርሳል ወይስ ያጠራቅማል እያልኩ ወደ ቤት ተመለስኩ።

በማግስቱ የአራጌ መኪና ሄደ። ከዚያ በኋላ የደረሰ ነገር ይኑር አይኑር ማወቂያ አልነበረም። ከአቀስታ መልስ የሚያመጣ ሰው አልመጣም። ያን ሳምንት ያዳነኝ ወስፌው ነው ማለት እችላለሁ።

አሻግሬ መቁጠሪያውን ቀድዶ ሊጥለው ነበር። ዘይነባ ከለከለችው። «ጥልፍ ሲበላሽ ይተረተራል እንጂ ቀሚሱ አይቃጠልም።» ከግድግዳው አወረድነውና መሬት ላይ ዘረጋነው። በቀኝ በኩል መጨረሻ ላይ ያለችውን የፈረንጆቹን እሑድ ክሯን በምላጭ ተርትረን አወጣናት። ወስደን ከሰኞ ፊት አስቀመጥናት፤ አሁን በሁለቱም በኩል ሳምንት በእሑድ ይጀምራል። ዘይነባ መስፋት ጀመረች። ደስ ብሎን ልንጨርስ ስንል እኔ፣ ያው እንደ ልማዴ፣ ጣቴን አስቀምጬ ላረጋግጥ አልኩ።

«እሑድ ሦስት… ሰኞ ሃያ ስምንት?» አልኩ። «ሦስት ካለ በኋላ ወደ ሃያ ስምንት ይመለሳል እንዴ?»

አሻግሬ ሳቀ፤ ከሰኞ ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር። «ልክ ነው። ቦታዋን አዛወርናት እንጂ ሳምንቷን አላዛወርንም። ከመጨረሻ ወደ መጀመሪያ ከመጣች አንድ ሳጥን ዝቅ ማለት አለባት።»

ዘይነባ «መጀመሪያ አትናገርም? ጣቴ አልቋል!» ብላ እያጉረመረመች የሰፋችውን ተረተረች። እሑድን አንድ ሳጥን ዝቅ አድርገን ሰፋናት። ፌብሩዋሪ ሦስት ከአራት ጎን ገባ፤ በግራ ደግሞ ከጥር ሃያ ስድስት ጋር በአንድ መሥመር ተያዩ። ከላይ የተከፈተውን ቦታ የገና ዋዜማ እሑድን ጽፈን በትንሽ ካርቶን ደፈንነው። ከሥር ግን እሑድ ከጓደኞቿ አንድ ሳጥን ተርፋ ተንጠለጠለች። አሻግሬ ሊቆርጣት መቀስ አነሣ።

«ተው» አለች ዘይነባ። «እሷ የማን ናት?»

አሻግሬ ጎንበስ ብሎ አየ። «ከጳጉሜን ያለፈች ናት። የመጪው ዓመት፣ የመስከረም እሑድ።»

«እንግዲያ አትቁረጣት። በዚህ ዘመን የሚመጣ ዓመት አለ ብሎ የሚናገር ሰው ጠፍቷል፤ እሷ ትናገር።»

ተንጠልጥላ ቀረች። ሐረግ ቁመቷ እዚያ ድረስ ስለነበር በእጇ እየነካች «የመስከረም እሑድ» ትላት ጀመር።

እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ሐረግን አዝዬ መጋዘኑ ደጅ ተቀመጥኩ። ዘይነባ ከራሷ ራት የተረፈ ቂጣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ አምጥታ ነበር፤ ነጠላውንም አልመለሰችውም፣ አለበሰችኝ። «ደሴ ይበርዳል» አለች።

«መኪናው ከመጣ ነው።»

«አልመጣም ብሎሻል?»

«ከቆቡ ወረቀት ሲወድቅ አይቻለሁ።»

«አራጌ የሚጥለው የባለዕዳውን ወረቀት ነው፤ የኔን አይጥልም። ለእናቱ እነግርበታለሁ።»

ፀሐይዋ ወጣች፣ ከፍ አለች። አሻግሬ እንደ ዘበኛ መንገዱ ላይ ይመላለስ ነበር። ሐረግ ጆሮዋን ደረቴ ላይ አድርጋ «ልብሽ ይሮጣል» አለችኝ። «አይ፣ መንገዱን እያየ ነው» አልኳት። ሌላ የምለው አላገኘሁም። በልቤ ግን እየተሟገትኩ ነበር፦ ወደ ደሴ በእግር ብነሣ፣ ልጅ አዝዬ፣ ስንቅ ሳይኖረኝ፣ ቅዳሜ እደርስ ይሆን? ሐኪሙ በር ላይ እቃውን ሲጭን አገኘው ይሆን?

ረፋዱ አልፎ ጥላ እግራችን ሥር ሲገባ ከወደ ቁልቁለቱ የሞተር ድምፅ ተሰማ። የመጀመሪያዋ የሰማች ሐረግ ናት። «መኪና!» አለች፤ እኔ ግን ነፋስ ነው ብዬ አላመንኳትም። ቀጥሎ አቧራው ታየ።

ምናለ ከመኪናው ሲወርድ ቅንድቡ ሳይቀር አፈር ለብሷል። ወረቀቱን እያውለበለበ፣

«አሻግሬ! መጀመሪያ አሥር አልከኝ። ቀጥሎ ሦስት አልከኝ። ቆይተህ ደግሞ ትናንት ና ልትለኝ ነው?» አለ።

«ይቅርታ ምናለ፣ እሑድን ሳናውቃት ነው።»

«እሑድን የማያውቅ የመንግሥት ሠራተኛ! ዕረፍት እኮ ናት!» ወደ እኔ ዞረ። «የዓይኗ ልጅ ይህች ናት? ነይ እናቴ፣ አንቺ ከፊት ነሽ። መንገዱን የምታሳይኝ አንቺ ነሽ።»

ሐረግ ሳቀች። እኔ ስቄም አልቅሼም አንድ ጊዜ ስለሆነ የቱ እንደቀደመ አላውቅም። መኪናው ሲነሣ ዘይነባ በመስኮቱ እጇን አስገብታ የሐረግን ጉንጭ ያዘች። «ሂጂ፣ አላህ ያግራላችሁ። እኔ እዚህ ቀኑን እጠብቅልሻለሁ» አለቻት።

ደሴ የሆነውን ማውራት አልፈልግም፤ ሆስፒታል ደጅ የተቀመጠች እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ሐኪሙ ረቡዕ ዕለት ሠራላት። ቅዳሜ ሲሄድ በሩ ላይ ቆሜ እጁን ልስም ብል በድንጋጤ ወደ ኋላ ሸሸ። ከፋሻው በኋላ ወፍራም መነጽር ሰጧት፤ ለጆሮዋ ስለሚሰፋ በላስቲክ ከኋላ አሰሩላት። መነጽሩ ዓይኗን ትልቅ፣ ትልቅ አድርጎ ያሳያታል። መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ቆይታ ጣቷን ፊቴ ላይ አሳረፈችና፣ በዓይኗም በጣቷም አመሳክራ «አልተቆጣሽም» አለች።

መካነ ሰላም ስንመለስ ዐቢይ ጾም ገብቶ ነበር። መጋዘኑ ውስጥ ገብተን ግድግዳውን ሳይ፣ ከሄድንባት እሑድ ጀምሮ በየቀኑ ሳጥን ላይ ትንሽ የከሰል ነጥብ አለ። በግራም በቀኝም። ዘይነባ በሁለቱም መንገድ ስትከተለን ከርማለች፤ በዚህ ጊዜ ሁለቱ መንገዶች እሑድ ላይ አልተለያዩም። ሐረግ ግን ወደ ላይ አላየችም። ተንጠልጥላ የቀረችውን ሳጥን ፈለገችና አጠገቧ ቆመች።

«ይህች ናት የመስከረም እሑድ? ትንሽ ናት እኮ!»

ቀጥላ ቀዮቹን እየነካች ስም ጠየቀችን። ፋሲካ፣ የሠራተኞች ቀን። የእርሳሷ ላይ ስትደርስ ቆመች። «ይህችስ ለምን አልቀላችም?»

«የኛ ዒድ ናት» አለቻት ዘይነባ። «ጨረቃዋ ሳትታይ አትቀላም።»

«እኔ አይላችኋለሁ» አለች ሐረግ።

አሻግሬ ጆሮውን አሸ። ዘይነባ ነጠላዋን ከትከሻዬ ላይ ወስዳ ዓይኗን ጠረገችበት፤ «አቧራ አለው» አለች፣ «ይርጌ፣ ነጠላዬን ሳታጥቢ ነው የመለስሽው።»

በሰኔ ዝናቡ መጣ። በመጨረሻ መጣ። ረመዷን ሊያልቅ ሲል አንድ ምሽት ሰማዩ ደመና ነበር፤ ዘይነባ ከደጅ ቆማ ወደ ምዕራብ እያየች «ነገ ወይ ከነገ ወዲያ እንጃ» ትላለች። ሐረግ መነጽሯን በእጇ ደግፋ ጎኗ ቆማለች። ደመናው ከተራራው በላይ በትንሹ ተገለጠ።

«የት ልይ?» አለች ሐረግ።

«እዚያ፣ ከዛፉ በላይ። እኔ ምንም አይታየኝም።»

ልጄ አንገቷን አስግጋ ቆየች። እኔ ከኋላ ሆኜ መነጽሯ እንዳይወድቅ ላስቲኩን ይዤ ነበር፤ ልማድ ነው።

«አየኋት» አለች። «ቀጭን ናት። እንደ ጥፍር።»

ዘይነባ ጎንበስ ብላ ጉንጯን ከልጄ ጉንጭ ጋር አጋጠመች፤ በዚያው አቅጣጫ ለማየት። ከዚያ ቀስ ብላ እጆቿን ለዱዓ ዘረጋች። ወዲያው ከመስጊዱ በኩል ጥሪ ተሰማ፤ ሌሎችም አይተዋታል።

በማግስቱ፣ ሐሙስ፣ ዘይነባ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ መጋዘኑ መጣች። ቀዩን መድኃኒት በጠርሙስ ክዳን ቀዳሁላት። ሰኔ አሥራ ሦስትን በግራ እሷ አደመቀችው፤ በቀኝ ጁን ሃያን ደግሞ ሐረግ፣ እጇን እኔ ይዤላት።